በከርቭ ወይስ በፊክስድ? ግሬድ ለሚሰጡ መምህራን የንጽጽር መመሪያ

ሴሚስተር ሲጀመር ተማሪው የኮርስ አውትላይኑን ተቀብሎ ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ግሬዱ በሪላቲቭ ነው ወይስ በፊክስድ?» የሚል ነው። በሪላቲቭ፣ ብዙዎቻችን ከርቭ በምንለው አሰጣጥ፣ የተማሪው ግሬድ የሚወሰነው ከክፍል ጓደኞቹ አንጻር የት ላይ እንደቆመ ታይቶ ነው። በፊክስድ ደግሞ መቁረጫው ፈተናው ሳይሰጥ ይታወቃል፤ ሌሎቹ ያመጡት ውጤት አይነካውም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሠራበት ፊክስዱ ነው፦ 85 ኤ፣ 70 ቢ፣ 60 ሲ ፕላስ፣ 50 ሲ እያለ ይወርዳል። ታዲያ ምርጫው ያለቀለት ይመስላል። ግን ፈተናውን የሚያወጣውም፣ የሚያርመውም፣ ውጤቱ ዝቅ ሲል ቦነስ ጥያቄ የሚጨምረውም መምህሩ ነው። ስለዚህ በአውትላይኑ ላይ ፊክስድ ተብሎ በመምህሩ ቢሮ ውስጥ ከርቭ የሚሆን ብዙ ነው። በግል ኮሌጅና በሥልጠና ተቋም የሚያስተምር ደግሞ አንዳንዴ ምርጫው በእጁ ላይ ነው።

ሁለቱም ወገኖች «የእኛ ነው ፍትሐዊው» ይላሉ። የከርቭ ደጋፊ፣ መምህሩ ክፉ ፈተና ቢያወጣ ተማሪው ለምን ይቀጣ ይላል። የፊክስድ ደጋፊ፣ ጎረቤቴ ጎበዝ ስለሆነ የእኔ ግሬድ ለምን ይወርዳል ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በእኔ አስተያየት ልዩነቱ የሚገኘው ተማሪው የማንን ዕዳ እንደሚሸከም ሲታይ ነው። በከርቭ ተማሪው አብረውት የተመዘገቡትን ሰዎች ዕዳ ይሸከማል፤ በፊክስድ የፈተናውን ጉድለት ዕዳ ይሸከማል። ከሁለቱ የትኛው ዕዳ በእርስዎ ክፍል እንደሚከብድ ማወቅ ይቻላል፤ ከዚህ በታች በቁጥር እናየዋለን።

አንድ የሁለተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ኮርስ እንውሰድ። ዘንድሮ 40 ተማሪዎች ተፈትነው የክፍሉ አማካይ 46፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 11 ሆነ እንበል። ሰላም 63 አመጣች። በከርቭ ከተሠራ፣ የተለመደው አካሄድ ከአማካዩ በአንድ ተኩል ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ ላለው ኤ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ላለው ቢ፣ በአማካዩ ዙሪያ በግማሽ ውስጥ ላለው ሲ መስጠት ነው፤ ከአማካዩ በታችም በዚያው ልክ ዲ እና ኤፍ ይከተላል። ሰላም ከአማካዩ በ17 ነጥብ ትበልጣለች። 17ን ለ11 ስናካፍል ከ1.5 ትንሽ ስለሚበልጥ ግሬዷ ኤ ነው። በፊክስድ ግን 63 ሲ ፕላስ ናት።

በሚቀጥለው ዓመት ያው መምህር ያንኑ ኮርስ አስተማረ። አማካዩ 68፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 9 ሆነ፤ ዮናስ የሚባል ተማሪም እንደ ሰላም 63 አመጣ። ከአማካዩ በ5 ነጥብ ዝቅ ብሏል፤ ይህም ከግማሽ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ትንሽ ይበልጣል። በከርቭ ግሬዱ ዲ ነው። በፊክስድ እሱም ሲ ፕላስ ነው።

እንግዲህ በከርቭ አንዷ ኤ፣ ሌላው ዲ ሲያገኙ በፊክስድ ሁለቱም እኩል ሆኑ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «አያችሁ፣ ፊክስድ ይሻላል» ይላል። መቸኮል ነው። አማካዩ በ22 ነጥብ ለምን እንደተለያየ ገና አልጠየቅንም። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ፍርዱም እንደ ምክንያቱ ይገለበጣል።

የመጀመሪያው ምክንያት የተማሪዎቹ ልዩነት ነው። ሁለቱ ዓመቶች የተፈተኑት በእኩል ክብደት ፈተና ከሆነና የዘንድሮዎቹ በእርግጥ ደካማ ከሆኑ፣ ከርቩ ዋሽቷል። ሰላም ከዮናስ የበለጠ የምታውቀው ነገር የለም፤ ደካማ ክፍል ውስጥ ስለተገኘች ብቻ ኤ ተሸከመች። ሁለቱም ትራንስክሪፕታቸውን ይዘው አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ቢቀርቡ ቀጣሪው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት የፈተናው ልዩነት ነው። መምህሩ ዘንድሮ በመሃል ክፍለ ጊዜ ተቋርጦበት አንድ ምዕራፍ ሳያስተምር፣ ከዚያ ምዕራፍ ግን 25 ነጥብ አውጥቷል እንበል። ያኔ ሰላም ልትደርስባቸው የምትችለው ነጥቦች 75 ብቻ ነበሩ። ከ75ቱ 63 ማለት 84 በመቶ ነው፤ በፊክስዱ ስኬል ኤ ማይነስ። እሷ የተሰጣት ሲ ፕላስ ነው። እዚህ ላይ የዋሸው ፊክስዱ ነው፤ ከርቩ ባይፈጽመውም ወደ እውነቱ ቀርቧል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ሁለቱን ምክንያቶች መለየት ነው። ያም ቀላል መንገድ አለው፦ የጋራ ጥያቄዎች። ባለፈው ዓመት ከጠየቋቸው ውስጥ ደህና የሠሩትን አሥር ያህል ጥያቄዎች ሳይቀይሩ ዘንድሮም ይክተቱ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎች ከአሥሩ በአማካይ 7 መልሰው፣ ዘንድሮ 4 ከመለሱ ክፍሉ ደክሟል። ዘንድሮም 7 መልሰው ጠቅላላው ውጤት ግን ከወረደ፣ የከበደው ፈተናው ነው። ጥያቄዎቹ ከተለያዩ ምዕራፎች መመረጥ አለባቸው፤ ከአንድ ምዕራፍ ብቻ ከሆኑ የሚነግሩዎት ስለዚያ ምዕራፍ ነው። የዘዴው ጠላት የታወቀ ነው። በግቢው በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት የአምስት ዓመት ፈተናዎችን ጠርዞ ይሸጣል፤ አሁን ደግሞ ቴሌግራም አለ። የፈተናው ወረቀት ከአዳራሹ ካልወጣ ብቻ ነው የጋራ ጥያቄ የሚሠራው። ክፍሉ በሌላው ጥያቄ ሁሉ ደክሞ በእነዚህ አሥሩ ላይ ብቻ ከዘለለ፣ ጥያቄዎቹ ወጥተዋል ማለት ነው፤ ይጣሏቸው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው የእያንዳንዱ ጥያቄ ምርመራ ነው። ወረቀቶቹን በውጤት ደርድረው ከላይና ከታች ሩብ ያህሉን ይውሰዱ። አንድን ጥያቄ ከላይኞቹ ስንት፣ ከታችኞቹ ስንት እንደመለሱት ይቁጠሩ። ጎበዞቹ ስተውት ደካሞቹ የመለሱት ጥያቄ ካለ ጥፋቱ የጥያቄው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የመልስ ቁልፉ ተሳስቶ ወይም ሁለት ትክክል መልስ ኖሮት ይገኛል። ከላይኞቹም ከታችኞቹም ማንም ያልመለሰው ደግሞ አልተማሩትም ማለት ሊሆን ይችላል። በፊክስድ የሚሠራ መምህር ይህን ሳያይ ግሬድ ባያስገባ ይመረጣል፤ በፊክስድ የተበላሸ ጥያቄ የክፍሉን ሁሉ ግሬድ ዝቅ ያደርጋልና። በከርቭ ማንም ያልመለሰው ጥያቄ ሁሉንም እኩል ስለሚጎዳ ደረጃቸውን ያን ያህል አያናጋም።

አሁን ስለ ፊክስድ አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ላንሳ። 85 ኤ ነው፣ 50 ሲ ነው ማለት ብቻውን በመስፈርት መመዘን አይደለም። በመስፈርት መመዘን ማለት ተማሪው ምን መሥራት እንደቻለ መናገር መቻል ነው። 50 በመቶ በቀላል ፈተና ምንም አይደለም፤ በከባድ ፈተና ትልቅ ነገር ነው። ቁጥሩን ከመስፈርት ጋር የሚያገናኘው መቁረጫው የተገኘበት መንገድ ነው። በሙያ ፈተናዎች ዘንድ ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ በዊልያም አንጎፍ ስም የሚጠራው ነው። ሦስት አራት የትምህርቱ መምህራን ተቀምጠው፣ ለማለፍ የሚበቃውን ነገር ግን ከዚያ የማያልፈውን ተማሪ በአእምሯቸው ይይዛሉ። ከዚያ በየጥያቄው «እንዲህ ያሉ አሥር ተማሪዎች ቢኖሩ ስንቱ ይመልሱታል?» ይላሉ። አንዱ 8፣ ሌላው 7፣ ሦስተኛዋ 9 ካሉ አማካዩ 8 ነው፤ ያ ጥያቄ ለመቁረጫው 0.8 ነጥብ ያዋጣል። አምስት ጥያቄ 0.8፣ 0.6፣ 0.5፣ 0.4 እና 0.7 ቢያገኝ ድምሩ 3 ይሆናል፤ የዚያ ፈተና ማለፊያ ከ5ቱ 3 ነው። ፈተናው ሲከብድ መምህራኑ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚሰጡ መቁረጫው አብሮ ይወርዳል። የተማሪ ውጤት ሳይታይ የተደረገ ስለሆነ ግን ከርቭ አይደለም።

ችግሩ መምህራን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪን አብዝተው መገመታቸው ነው። ለዓመታት ያስተማሩት ነገር ቀላል ይመስላቸዋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቡድኖች አንድ ዙር ከገመቱ በኋላ ተማሪዎቹ በየጥያቄው ያመጡትን እውነተኛ ውጤት ያዩና ሁለተኛ ዙር ይገምታሉ። እንግዲህ እዩት፦ በመስፈርት የሚሄደውም መንገድ መጨረሻ ላይ የተማሪዎቹን ውጤት አየት ያደርጋል። ሁለቱ አሰጣጦች መጽሐፍ ላይ የሚነገረውን ያህል አይራራቁም።

የዩኒቨርሲቲው መቁረጫ በፖሊሲ 50 ላይ ከታሰረብዎት፣ ዘዴውን ገልብጠው ይጠቀሙበት። ፈተናውን ከመስጠትዎ በፊት ከአንድ ሁለት ባልደረቦችዎ ጋር ይገምቱት። ድምሩ 38 ከሆነ ፈተናው ለ50ው መቁረጫ ከብዷል፤ ጥያቄዎች ይቀይሩ። 65 ከሆነም ቀልሏል። ይህን ሳያደርጉ ከፈተናው በኋላ ለሁሉም 10 ነጥብ መጨመር ስሙን ያልተናገረ ከርቭ ነው። ያኔ ተማሪው የሁለቱንም ዕዳ ይሸከማል፤ የጭማሪውን መጠን የሚወስነው የክፍሉ ውጤት ሲሆን፣ ግሬዱ የሚነበበው ግን በቋሚ ስኬል ነው።

የከርቭ ትልቁ ፈተና የቡድኑ ጉዳይ ነው። ኤ የሚሰጠው ለተወሰነ ድርሻ ብቻ ከሆነ ለጓደኛህ ማስረዳት ራስን መጉዳት ይሆናል። ኖት መደበቅና የማጣቀሻ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ወስዶ ማስቀረት የሚመጡት ከዚህ ነው። ተቃራኒውም ደርሷል። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ከፍተኛውን ውጤት እንደ 100 ቆጥሮ ሌላውን ከዚያ አንጻር ያርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ላይ ተማሪዎቹ ተማክረው አንድም ሰው ለፋይናል ፈተና ሳይቀመጥ ቀረ። ከፍተኛው ውጤት ዜሮ ስለሆነ ሁሉም ከፍተኛውን አመጡ፤ መምህሩም በደንቡ መሠረት ለሁሉም ኤ ሰጣቸው፤ ለወደፊቱ ግን ደንቡን ቀየረ። አንድ ሰው ብቻ ገብቶ አንድ ጥያቄ ቢመልስ ኖሮ የሌሎቹ ሁሉ ዜሮ ነበር። ስለዚህ በአዳራሹ በር ላይ ቆመው እርስ በርስ ይጠባበቁ ነበር።

ቡድኑ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ስሌቱ ራሱ ይፈርሳል። በ12 ሰው ክፍል ውስጥ ሁለት ሪፒተሮች ቢጨመሩ አማካዩና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ይናጋሉ። እኔ ከ30 በታች በሆነ ክፍል በከርቭ መሥራትን አልመክርም። ማስተርስ ክፍል ላይ ማሰብም አያስፈልግም፤ ተመርጠው የገቡ ስለሆኑ የግድ ዲ የሚሰጠው ሰው መፈለግ ትርጉም የለውም።

ቡድኑ የተሳሳተ ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ በኮቪድ ምክንያት ፈተና ሲሰረዝ የፈተና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በደረጃ እንዲደረድሩ አደረገ፤ ግሬዱን ግን በዋናነት በትምህርት ቤቱ ያለፉት ዓመታት ውጤት ላይ ተመሥርቶ አከፋፈለ። ኤ ሌቭል በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ግሬድ መምህራኑ ከገመቱት በታች ሆነ። በደካማ ትምህርት ቤት የተገኘ ጎበዝ ተማሪ፣ ከእሱ በፊት እዚያ የተማሩት ያላመጡትን ግሬድ ማግኘት አልቻለም። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ውሳኔውም በቀናት ውስጥ ተሻረ።

በእኛም አገር ትልቁ ሽግግር በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የታየው ነው። ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ የሚወሰነው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ባለው ቦታ ልክ ነበር፤ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ዝቅ ያለ መቁረጫ ይደረግ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ላይ ግን 50 በመቶ የሚል ቋሚ መስመር መጣ፤ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በቀጣዩም ዓመት 3.2 በመቶ። የከርቭ አመክንዮ ይህን ድክመት ደብቆት ኖሯል፤ ቦታ እስካለ ድረስ ሁሌም የሚያልፍ ሰው ይኖራልና። ፊክስዱ ገልጦ አሳየው፤ የገለጠው ግን የትምህርት ቤቶቹን ድክመት ሆኖ ሳለ ከፋዩ ተማሪው ሆነ። ቤተ ሙከራ ሳያይ ኬሚስትሪ የተፈተነ የገጠር ልጅ «መስመሩ ለሁሉም እኩል ነው» ቢባል ምን ይመልሳል? ቀጥሎ የመጣው የሬሚዲያል ፕሮግራምም ከ50 በታች ያመጡትን በውጤታቸው ቅደም ተከተልና ባለው ቦታ ልክ ነው የተቀበለው። በፊት በር የወጣው ከርቭ በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው። ይህን እንደ ነቀፌታ አልናገረውም። ቦታ ሲወሰን መደርደር አይቀርም፤ ሰልፉ ለሬሚዲያል መሆኑ ደግሞ ለወደቀው ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷል።

ከዚህ ወደ ምርጫው እንሂድ። ውጤቱ የሚመልሰው ጥያቄ «ይችላል ወይስ አይችልም?» ከሆነ በመስፈርት ይስጡ። የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ነርስ፣ ሽቦ የሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን፣ መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ከጓደኛው መብለጡ ለማንም አይጠቅምም። ክፍሉ በሙሉ ቢያልፍ ደስ ይበልዎት፤ በሙሉ ቢወድቅም ማንንም አያሳልፉ። ጥያቄው «ከእነዚህ መካከል ማን ይግባ?» ከሆነ፣ ለምሳሌ 20 ስኮላርሺፕ ለ300 አመልካች፣ መደርደር የግድ ነው። ያኔም ቢሆን ዝቅተኛ መስመር ያስቀምጡ፤ ከመስመሩ በታች ያለ ሰው ቦታ ስለተረፈ ብቻ እንዳይገባ።

በጣም የምጠነቀቅበት ግን ሁለቱ የሚደባለቁበት ሁኔታ ነው፤ የፍሬሽማን ውጤት ለዲፓርትመንት ምደባ ሲውል። ግሬዱ የተሰጠው በፊክስድ ነው፤ ምደባው ግን ፉክክር ነው፤ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሚገባው በውጤቱ ከፊት የተሰለፈው ነው። አሥር ሴክሽን በአሥር መምህር ከተማረና እያንዳንዱ መምህር የራሱን ሚድ፣ አሳይመንትና ኩዊዝ ከሰጠ፣ ለጋስ መምህር የደረሰው ሴክሽን ገና ከመነሻው ቀድሟል። እዚህ ላይ «እኛ ፊክስድ ነን» ማለት ፍትሕ አይሆንም። መፍትሔው ከግሬዱ በፊት ነው፦ ለሁሉም ሴክሽን አንድ ፋይናል፣ አንድ የመልስ ቁልፍ፤ ጥያቄ አንድን በሙሉ አንድ መምህር፣ ጥያቄ ሁለትን ሌላው እያለ የሁሉንም ወረቀት ማረም። ያ ካልተቻለ የየሴክሽኑን የኩዊዝና የአሳይመንት ነጥብ ከጋራው ፋይናል ጋር አነጻጽሩት። በፋይናል እኩል አማካይ ያመጡ ሁለት ሴክሽኖች በኩዊዝ በ12 ነጥብ ከተለያዩ፣ ልዩነቱ የመምህራኑ እጅ ነው፤ ለምደባ የሚውለው ነጥብ ሲሰላ ሊስተካከል ይገባል። ከርቭ ሙሉ በሙሉ ሊከበርበት የሚገባው ቦታ አለ ከተባለ ይህ ነው።

በመጨረሻ የመቁረጫ ጠርዝ ጉዳይ አለ። በፊክስድ 49 ያመጣ ተማሪ ቢሮዎ ይመጣል፤ በከርቭም ከኤው መስመር በአንድ ነጥብ የቀረው ይመጣል። የትኛውም ፈተና አንድ ነጥብን ለይቶ የሚመዝን አይደለም፤ ያንኑ የጽሑፍ መልስ ሌላ ቀን ቢያርሙት ሁለት ሦስት ነጥብ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የተማሪዎቹን ስም ከማየትዎ በፊት ከእያንዳንዱ መቁረጫ በላይና በታች በሁለት ነጥብ ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች ለይተው ዳግም ይረሟቸው፤ የታችኞቹን ብቻ ሳይሆን የላይኞቹንም። የታችኞቹን ብቻ ካረሙ ስሕተቱ ሁሌ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ ወረቀቱን ያሳዩት፤ ነጥቡ የሚለወጠው መልሱ ውስጥ ያልታየ ነገር ከተገኘ ብቻ እንደሆነም ይንገሩት።